ስልኩ ያስቀመጠውን ላፕቶፑ ሳያገኘው ሲቀር

አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ ድርጅት የግዥ ክፍል የምትሠራ ባለሙያን ለምሳሌ እንውሰድ። ጠዋት ታክሲ ውስጥ ሆና በስልኳ የጨረታ ማስታወቂያዎችን ታነባለች፤ የሚጠቅማትን ገጽ ዕልባት ውስጥ ታስገባለች፤ ቢሮ ስትደርስ ላፕቶፗን ከፍታ ያንኑ ገጽ ታገኘዋለች። ለወራት እንዲህ ሠርቷል። አንድ ሰኞ ግን ማታ ያስቀመጠችው ገጽ ላፕቶፑ ላይ የለም። ወደ ኋላ ሄዳ ስታይ ባለፉት ሦስት ሳምንታት በስልኳ ያስቀመጠቻቸው በሙሉ የሉም። ቢሮ ሆና ያስቀመጠቻቸው ደግሞ ስልኩ ላይ አይታዩም። የሁለቱም ብራውዘር ክሮም ነው፤ የገባችበት የጉግል አካውንት አንድ ነው፤ ኢንተርኔቱም ይሠራል። ስህተት ተፈጥሯል የሚል ትልቅ ማስጠንቀቂያ አልወጣም።

እንዲህ ሲያጋጥም ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚያደርገው ከአካውንቱ ወጥቶ መመለስ፣ ካልሆነም ብራውዘሩን አጥፍቶ እንደገና መጫን ነው። ዕልባቶች ለዘለቄታው የሚጠፉት ብዙውን ጊዜ በብልሽቱ ምክንያት ሳይሆን በዚህ እርምጃ ነው። ለምን እንደሆነ ለመረዳት ሲንክ የሚባለው ነገር በምን መንገድ እንደሚሠራ ማወቅ ያስፈልጋል።

ስልኩና ላፕቶፑ በቀጥታ አይነጋገሩም። በመካከላቸው የጉግል ሰርቨር አለ፤ ሰርቨሩ ላይም የአካውንቱ ዋና መዝገብ ይቀመጣል። እያንዳንዱ ዕልባት የራሱ መለያ ቁጥር፣ የተቀመጠበት ማህደርና በማህደሩ ውስጥ የያዘው ተራ አለው። ስልኩ ላይ አዲስ ዕልባት ሲጨመር ስልኩ ለራሱ ይመዘግብና ለውጡን ወደ ሰርቨሩ ይልካል። ሰርቨሩም ለሌሎቹ መሣሪያዎች «አዲስ ነገር አለ» የሚል ምልክት ይሰጣል፤ ላፕቶፑ ሲጠይቅ ለውጡ ይደርሰዋል። ስለዚህ ሁልጊዜ ሦስት ቅጂዎች አሉ፦ የስልኩ፣ የላፕቶፑና የሰርቨሩ።

ላፕቶፑ ከሰርቨሩ ጋር ያለው ግንኙነት ቢቋረጥ የራሱ ቅጂ እጁ ላይ ስለሚቀር ሥራውን ይቀጥላል። አዲስ ዕልባት ይቀበላል፣ የቆየውን ይከፍታል፣ የተጎበኙ ገጾችን ይመዘግባል። ለተጠቃሚው የተለወጠ ነገር የለም። ባለሙያዋ ሦስት ሳምንት ሙሉ ያላወቀችው በዚህ ምክንያት ነው። ኔትወርክ ሲጠፋም ሆነ ዳታ ሲያልቅ የሚሆነው ይኸው ነው፤ ልዩነቱ የኔትወርኩ ችግር መስመሩ ሲመለስ በራሱ የሚፈታ መሆኑ ነው። ያልተላከው ለውጥ ተራውን ጠብቆ ይላካል። ሳምንታት የሚዘልቅ ልዩነት ሲታይ ግን ምክንያቱ ሌላ ቦታ ይፈለጋል።

ብዙውን ጊዜ ምክንያቱ የመግቢያ ፈቃድ ነው። ብራውዘሩ በየደቂቃው ፓስወርድ አይጠይቅም፤ አንዴ ሲገባ ከጉግል የተሰጠውን የፈቃድ ምልክት ይዞ ይቆያል። ተጠቃሚው ፓስወርዱን ሲቀይር ያ ፈቃድ በሌሎች መሣሪያዎች ላይ ሊሰረዝ ይችላል። በላፕቶፑ ብራውዘር ከጂሜይል «ውጣ» ብሎ የወጣም ሰው ሳያስበው ሲንኩን ያስቆማል። ሦስተኛው መንገድ ይበልጥ ስውር ነው፦ ብራውዘሩ በተዘጋ ቁጥር ኩኪዎችን እንዲያጠፋ የታዘዘ ከሆነ የመግቢያ ፈቃዱም አብሮ ይጠፋል፤ ሲንክም በማግስቱ ቆሞ ይገኛል። ኮምፒውተር በጋራ በሚጠቀሙ ቢሮዎች ይህ ቅንብር ለጥንቃቄ ተብሎ ስለሚበራ አንድ ሰው ዛሬ ጠግኖት ነገ መልሶ ቢቆምበት መጀመሪያ ማየት ያለበት ይህንኑ ነው።

የምሳሌያችን ባለሙያ ከሦስት ሳምንት በፊት ስልኳ ሊሰረቅ ሲል ተርፎላት፣ ለጥንቃቄ ብላ በስልኳ ፓስወርዷን ቀይራ ነበር። ስልኩ አዲሱን ፓስወርድ ስላወቀ ቀጠለ። ላፕቶፑ ግን ያንኑ ቀን ቆመ።

ይህን ለማወቅ ሁለት ቦታ ማየት ይበቃል። አንደኛው በላፕቶፑ ክሮም ላይ፣ ቀኝ ጥግ ከላይ ያለው ክብ የፕሮፋይል ምስል ነው። ሲንክ ከቆመ ከጎኑ `Paused` ወይም `Verify it's you` የሚል ጽሑፍ ይወጣል። ትንሽ ስለሆነ በቀላሉ ይታለፋል፤ ግን አለ። ሁለተኛው ክሮም የውስጥ ሁኔታውን የሚያሳይበት ገጽ ነው። የአድራሻ መጻፊያው ላይ የሚከተለውን መጻፍ ነው፤ በስልክም ይሠራል።

```
chrome://sync-internals
```

ገጹ ለባለሙያዎች የተሠራ ስለሆነ በመስመሮች የተጨናነቀ ነው፤ ተራ ተጠቃሚ የሚያስፈልገው ግን ጥቂቱ ብቻ ነው። `Transport State` ከሚለው ጎን `Active` ካለ መስመሩ ሕያው ነው፤ `Paused` ካለ የመግቢያ ፈቃዱ ሞቷል። ከዚያ መጨረሻ የተመሳሰለበትን ጊዜ ማየት ነው። ሁለቱን መሣሪያዎች ጎን ለጎን አስቀምጦ ይህን ገጽ ያየ ሰው የታመመው የቱ እንደሆነ በአንድ ደቂቃ ውስጥ ያውቃል።

ከዚህ በፊት ግን አንድ ቀላል ነገር መጣራት አለበት። በስልክ የተቀመጠ ዕልባት ላፕቶፑ ላይ ሲደርስ ከላይ በተዘረጋው የዕልባት አሞሌ ላይ አይሰለፍም፤ `Mobile bookmarks` የሚባል የራሱ ማህደር ውስጥ ይገባል። አሞሌውን ብቻ እያየ «አልመጣም» የሚል ሰው አለ። `chrome://bookmarks` ከፍቶ በመፈለጊያው ሳጥን የገጹን ስም መጻፍ ይህን ጥርጣሬ ወዲያው ያጠራዋል።

ሁለቱም መሣሪያዎች ደህና ነን እያሉ ዕልባቶቹ ካልተገናኙ ደግሞ የሚጠየቀው ሰርቨሩ ነው። ለዚህ ጥሩ ዘዴ አለ፦ እዚያው ላፕቶፕ ላይ በፕሮፋይል ምስሉ በኩል አዲስ ባዶ የክሮም ፕሮፋይል ከፍቶ በዚያው አካውንት መግባትና ሲንኩን ማብራት። አዲሱ ፕሮፋይል የራሱ የሆነ ምንም ነገር ስለሌለው የሚታይበት ሁሉ ከሰርቨሩ የመጣ ነው። ስልኩ ላይ ያለው ዕልባት እዚያ ከታየ ስልኩ በትክክል ልኳል፤ ችግሩ ያለው በአሮጌው የላፕቶፕ ፕሮፋይል ነው። ካልታየ ደግሞ ዕልባቱ ከስልኩ አልወጣም ማለት ነው። ሲንክን በመጠገን ሥራ ውስጥ ከዚህ የተሻለ መመርመሪያ ማግኘት ይከብዳል፤ ምንም ነገር ሳይነካ፣ ምንም ሳያጠፋ እውነቱን ያሳያል።

ዕልባት ከስልክ የማይወጣበት አንድ የተለመደ ምክንያት አለ። በቅርብ ዓመታት የስልክ ክሮም ዕልባቶችን በሁለት ክፍል ለይቶ ማስቀመጥ ጀምሯል፦ በአካውንቱ ውስጥ ያሉና በዚያ ስልክ ላይ ብቻ ያሉ። ሰውየው ወደ አካውንቱ ከመግባቱ በፊት ያስቀመጣቸው ሁለተኛው ክፍል ውስጥ ሊቀሩ ይችላሉ። ስልኩ ላይ ሁለቱም በአንድ ዝርዝር ስለሚታዩ ልዩነቱ አይታወቅም፤ ላፕቶፑ ግን የመጀመሪያውን ክፍል ብቻ ያገኛል። መፍትሔው ቀላል ነው፦ በስልኩ የዕልባት ዝርዝር ውስጥ «በዚህ መሣሪያ ላይ ብቻ» ከሚለው ርዕስ ሥር ያሉትን መርጦ በአካውንቱ ሥር ወዳለ ማህደር ማዛወር። አደጋው እዚህ ላይ ነው። የአንድሮይድ ክሮም ዕልባቶችን በፋይል አውጥቶ የማስቀመጥ አማራጭ የለውም፤ እነዚህን ሳያዛውር መተግበሪያውን ያጠፋ ሰው የትም ቅጂ አይኖረውም።

ወደ ባለሙያዋ እንመለስ። አሮጌው የላፕቶፕ ፕሮፋይሏ 187 ዕልባት አለው እንበል፤ አዲሱ የመመርመሪያ ፕሮፋይል ደግሞ ከሰርቨሩ 201 አወረደ። የጋራዎቹ 170 ናቸው። ላፕቶፑ ብቻ የያዛቸው 17፣ ከስልኩ ወደ ሰርቨሩ የሄዱት 31 ናቸው። ስልኩ ጤነኛ ነው፤ የ31ዱ ዕልባት ነገር አያሳስብም። በአደጋ ላይ ያሉት በላፕቶፑ የታሰሩት 17 ብቻ ናቸው። ሲንኩን አጥፍታ ብታበራው ኖሮ ክሮም «የዚህን መሣሪያ ዕልባትና ታሪክም ላጥፋ?» ብሎ ይጠይቃል፤ ያንን ሳጥን ምልክት ካደረገችበት የሚጠፉት እነዚሁ 17ቱ ናቸው።

ስለዚህ ቅደም ተከተሉ እንዲህ ይሆናል። መጀመሪያ በአሮጌው ፕሮፋይል `chrome://bookmarks` ከፍታ፣ በገጹ ጥግ ካሉት ሦስት ነጠብጣቦች `Export bookmarks` የሚለውን መርጣ ሁሉንም በአንድ ፋይል ታስቀምጣለች። በአዲሱ ፕሮፋይልም እንዲሁ ታደርጋለች። አሁን የላፕቶፑም የሰርቨሩም ቅጂ በእጇ ነው። ቀጥሎ በአሮጌው ፕሮፋይል የፕሮፋይል ምስሉን ተጭና አዲሱን ፓስወርድ ታስገባለች። አካውንቱን ማውጣትም ሆነ ሲንኩን ማጥፋት አያስፈልግም። ላፕቶፑ የት ላይ እንዳቆመ ስለሚያስታውስ 17ቱን ይልካል፣ 31ዱን ይቀበላል፤ ጥቂት ቆይቶ ስልኩም ላፕቶፑም 218 ይሆናሉ።

እዚህ ላይ ብዙዎች የሚጨምሩት አላስፈላጊ እርምጃ አለ፦ «ለማንኛውም» ብለው ያስቀመጡትን ፋይል መልሰው ያስገቡታል። ክሮም ከፋይል የሚያስገባቸውን ዕልባቶች ካሉት ጋር አያዋህድም፤ `Imported` በሚባል ማህደር እንደ አዲስ ይደረድራቸዋል፤ ሲንኩም ወዲያው ወደ ስልኩ ያደርሳቸዋል። ውጤቱ እያንዳንዱ ገጽ ሁለት ጊዜ የሚታይበት ዝርዝር ነው። ፋይሉ የሚያስፈልገው የጠፋ ነገር ካለ ብቻ ነው።

ዕልባቶቹ ተገናኝተው የጉብኝት ታሪኩ ሳይገናኝ ሲቀር ጉዳዩ ይለያል። ታሪክ ከዕልባት ጋር በአንድ መስመር ቢጓዝም ሕጉ ሌላ ነው። በስልኩ ቅንብር ውስጥ የአካውንቱን ስም ሲጫኑ ከሚወጣው ዝርዝር ታሪክና የተከፈቱ ትሮች የራሳቸው ማብሪያ አላቸው፤ ወደ አካውንት መግባት ብቻውን ታሪክን አያበራም። የክሮም የታሪክ ገጽ የሚያሳየው ያለፉትን 90 ቀናት ነው፤ ከዚያ የቆየውን መፈለግ ከንቱ ድካም ነው። የተጠቃሚውን መረጃ በልዩ ሚስጥራዊ ሐረግ የመቆለፍ አማራጭም አለ። እሱን ያበራ ሰው ዕልባቶቹ ሐረጉን ባስገባባቸው መሣሪያዎች ሁሉ ይመሳሰላሉ፣ ታሪኩ ግን አይመሳሰልም። ይህን ያደረገው ከዓመታት በፊት ከሆነ ደግሞ ጭራሽ ረስቶት ይሆናል። ሐረጉ ራሱ ከተረሳ ጉግል መልሶ ሊነግረው አይችልም። ያለው መንገድ ዕልባቶቹን በፋይል ካስቀመጡ በኋላ `chrome.google.com/sync` ላይ የሰርቨሩን ቅጂ አጥፍቶ እንደገና መጀመር ነው።

ኢትዮጵያ ውስጥ ደግሞ ታሪክ «የጠፋ» የሚመስልበት በጣም የተለመደ ምክንያት ቴሌግራምና ፌስቡክ ናቸው። በእነዚህ መተግበሪያዎች ውስጥ ሊንክ ሲነካ ገጹ የሚከፈተው ብዙ ጊዜ በመተግበሪያው የራሱ ብራውዘር ነው። ቀኑን ሙሉ ዜናና ማስታወቂያ በቴሌግራም ቻናሎች በኩል ያነበበ ሰው አብዛኛው ንባቡ ክሮም ውስጥ ፈጽሞ አልገባም፤ ስለዚህ ወደ ላፕቶፑ የሚሄድ ነገር የለም። በመተግበሪያው ቅንብር ውስጥ ሊንኮች በስልኩ ዋና ብራውዘር እንዲከፈቱ ማድረግ ይቻላል፤ ለአንድ ገጽ ብቻ ከሆነ ደግሞ ከላይ ባሉት ሦስት ነጠብጣቦች በኩል ወደ ክሮም ማሻገር ይበቃል።

ሰዓትም ድርሻ አለው። ክሮም እያንዳንዱን ጉብኝት የሚመዘግበው መሣሪያው በነገረው ሰዓት ነው። ላፕቶፑ የኢትዮጵያን ሰዓት አቆጣጠር እንዲያሳየው ብሎ ሰዓቱን በስድስት ሰዓት ወደ ኋላ የመለሰ ሰው የሁለቱን መሣሪያዎች ታሪክ በአንድ ገጽ ሲያይ ተራቸው ተዘበራርቆ ያገኘዋል፦ ከሰዓት በኋላ በላፕቶፑ የከፈተው ገጽ ጠዋት በስልኩ ካነበበው በፊት ተቀምጦ፣ ማለዳ የከፈተውም በትናንት ቀን ሥር ገብቶ። ምንም የጠፋ ነገር የለም፤ የተዛባው ተራው ብቻ ነው። የኢትዮጵያን ሰዓት ለሚፈልግ ሰው ለዚሁ የተሠሩ መተግበሪያዎች ስላሉ የመሣሪያውን ሰዓት አለመንካት ይሻላል። የባሰው የሚሆነው የቆየ ኮምፒውተር የውስጥ ባትሪው ሞቶ በተነሳ ቁጥር ሰዓቱ ዓመታት ወደ ኋላ ሲመለስ ነው፤ ያኔ ደህንነቱ የተጠበቀ ግንኙነት መፍጠር ስለማይችል ሲንክም ሌላው ድረ ገጽም አብሮ ይቆማል።

ሲንክ በትክክል ሲሠራም የሚያመጣው ጉዳት አለ፤ መጥፋትንም ያመሳስላል። ስልኩ ላይ በስህተት የተሰረዘ ማህደር በሰከንዶች ውስጥ ከላፕቶፑም ይሰረዛል። ይህን ቶሎ ያየ ሰው አንድ ዕድል አለው። ክሮም በላፕቶፑ ላይ ዕልባቶቹን የሚያስቀምጥበት ፋይል `Bookmarks` ይባላል፤ ከጎኑም `Bookmarks.bak` የሚባል የቆየ ቅጂ ይይዛል። በዊንዶውስ ቦታው ይህ ነው፤ ከአንድ በላይ ፕሮፋይል ካለ የመጨረሻው ቃል `Profile 1` ወይም ሌላ ቁጥር ሊሆን ይችላል።

```
%LOCALAPPDATA%\Google\Chrome\User Data\Default
```

ቅጂው በአዲስ የሚተካው ክሮም ተዘግቶ ከተነሳ በኋላ ስለሆነ፣ ብራውዘሩን እንደገና ከማስነሳት በፊት ይህን ፋይል ወደ ሌላ ቦታ መገልበጥ ያስፈልጋል።

አንዳንድ ጊዜ ደግሞ ተጠቃሚው ምንም ሳያጠፋ ሲንክ ከምንጩ ይዘጋል። ጉግል እ.ኤ.አ. በጥር 2021 ባወጣው ማስታወቂያ፣ ክሮም የተሠራበትን ክፍት ኮድ ወስደው የተሠሩ የሌሎች ብራውዘሮች የጉግልን ሲንክ ሲጠቀሙ እንደተገኙ ገልጾ ከመጋቢት 15 ቀን 2021 ጀምሮ በሩን ዘጋ። በሊኑክስ ኮምፒውተራቸው ክሮሚየም የሚጠቀሙ ሰዎች ስልካቸው ላይ ካለው ክሮም ጋር ያላቸው ግንኙነት በዚያው ተቋረጠ። ዕልባቶቻቸው በኮምፒውተሩም በአካውንቱም ውስጥ ቀርተዋል፤ የተቆረጠው መስመሩ ነበር። ዛሬም በስልኩ ክሮም፣ በኮምፒውተሩ ብሬቭ ወይም ፋየርፎክስ የሚጠቀም ሰው ሁለቱ ይመሳሰሉልኛል ብሎ መጠበቅ የለበትም፤ እያንዳንዱ የየራሱ ሰርቨር አለው።

ለእኛ አገር ይበልጥ የሚቀርበው ግን የስሪት ዕድሜ ነው። ጉግል ከአራት ዓመት በላይ ያስቆጠሩ የክሮም ስሪቶች ከ2025 መጀመሪያ ጀምሮ ሲንክ እንደማይሠራላቸው አሳውቋል። ዊንዶውስ 7 እና 8.1 ላይ የሚሠራው የመጨረሻው ክሮም 109 ሲሆን የወጣው በጥር 2023 ነው። አንድሮይድ 5 ላይ የመጨረሻው ክሮም 95 ሲሆን የወጣው በጥቅምት 2021 ነው። የአራት ዓመቱ ገደብ ባለፈባቸው መሣሪያዎች ላይ ፓስወርድ ደጋግሞ ማስገባትም ሆነ አካውንት ማውጣትና ማስገባት አይረዳም። በዊንዶውስ 7 ኮምፒውተር ክሮም 109 የሚጠቀም ሰው በዚህ ስሌት የአራት ዓመቱ ገደብ የሚሞላበት በ2027 መጀመሪያ ላይ ነው፤ ዕልባቶቹን በፋይል የሚያወጣበት ጊዜም ከዚያ በፊት ነው።